ፀሐይ ለማታቃጥለን ሰዎች፦ ስለ ማድያትና ስለ ሰንስክሪን

«እኔን ደግሞ ፀሐይ መች ነካችኝና!» ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውል ሰው ይህን ደጋግሞ ይሰማል። እኔም ስሰማው ኖሬያለሁ። አባባሉ ሐሰት የለበትም። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ዳር ጤፍ ሲያርም ቢውል ማታ ፊቱ ቀልቶ አይታይም፤ በሳምንቱም አይላጥም። ስለዚህ ሰንስክሪን የፈረንጅ ነገር ነው ብለን ትተነዋል።

የሚገርመው ግን ይህን የሚሉኝ ሴቶች ብዙዎቹ ወደ ፋርማሲው የሚመጡት በማድያት ምክንያት ነው። ጉንጫቸው ላይ፣ ግንባራቸው ላይ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ቡናማ ጥላ ወጥቷል። «ይሄን የሚያጠፋልኝ ክሬም ስጪኝ» ይሉኛል። ሰንስክሪን ስጠቅስ ደግሞ «አብሽሪ፣ እኔን ፀሐይ አያቃጥለኝም» ይላሉ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሁለቱ ወሬዎች አንድ ጉዳይ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ባያቃጥለንም ያጠቁረናል። የሚያጠቁረን ብርሃን ደግሞ አብዛኛው ሰንስክሪን የማይዘው ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ቆዳችን በራሱ ስለሚያደርገው ነገር ልንገራችሁ። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ነገር ነው። እ.አ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ በተፈጥሮው፣ የሰንስክሪን አቅም በሚለካበት ኤስፒኤፍ በሚባለው ቁጥር፣ ወደ 13 የሚጠጋ መከላከያ ሲሰጥ፣ የነጭ ሰው ግን ወደ 3 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ትልቅ ልዩነት ነው። እንደ እኛ ያለ ቆዳ የማይቃጠለው ለዚህ ነው። በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በእኛ ላይ እምብዛም የማይታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ኢንተርኔት ላይ ካንሰርን እያነሱ ጥቁር ሰውን ሁሉ በየቀኑ ሰንስክሪን ካልተቀባህ የሚሉ አሉ። ለእኛ ይህ ማስፈራሪያ ከእውነታው ጋር ብዙም አይገጥምም። በጥቁር ሰው ላይ የሚወጣው አደገኛው የቆዳ ካንሰር ሜላኖማ በብዛት የሚታየው ፀሐይ በማታገኘው ቦታ ነው፤ የእግር መርገጫ፣ መዳፍ፣ ጥፍር ሥር። እሱን ክሬም አያስቆመውም። እየሰፋ የሚሄድ ወይም የማይድን ጥቁር ምልክት እግራችሁ መርገጫ ላይ ካያችሁ ሐኪም ማሳየት ነው ያለባችሁ። ማድያት የሌለበት፣ ቡግር ሲወጣበት ጠባሳው የማይጠቁርበት ሰው ደግሞ በየቀኑ ሰንስክሪን ባይቀባ እኔ አልከራከረውም።

ክርክሬ ማድያት ካለባቸው ጋር ነው።

በክሬሙ ጀርባ የተጻፈው የኤስፒኤፍ ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ ብናውቅ ነገሩ ይገባናል። ፈቃደኛ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ክሬሙ በተወሰነ መጠን ይቀባል። ከዚያ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበራበታል። ቆዳው እስኪቀላ ምን ያህል ጨረር እንደወሰደ ካልተቀባው ቆዳ ጋር ይነጻጸራል። በቃ፣ ቁጥሩ የሚለካው መቅላትን ነው። ስለዚህ 50 የሚለው ቁጥር መቅላትን በደንብ ይከላከላል ማለት ነው እንጂ መጥቆርን ይከላከላል ማለት አይደለም። ለማይቀላ ሰው ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚመልስለት።

ማድያትን ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ በዓይናችን የምናየው ተራ ብርሃን ነው። በተለይ ወደ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያደላው ክፍሉ። እ.አ.አ. በ2010 ከዲትሮይት ከተማ የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸውና በጣም ነጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ይህንኑ የሚታይ ብርሃን አበሩ። ጠቆር ያሉት ላይ የበራበት ቦታ ጠቆረ፤ ጥቁረቱም አልትራቫዮሌት ጨረር ከሚያመጣው የበለጠ ጠልቆ ሰነበተ። ነጮቹ ላይ ግን ምንም አልታየም። እንግዲህ ይህ የእኛው ችግር ነው። ሰንስክሪንን መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች የሚያሳስባቸው የነጭ ቆዳ ስለነበር ይህን ብርሃን የሚመለከተው አልነበረም።

ተራ ሰንስክሪን፣ ያ ስንቀባው ጠፍቶ ምንም የማይታየው፣ የሚታየውን ብርሃን አያግድም። ቢያግደውማ ቆዳው ላይ ይታየን ነበር። ብርሃኑን የሚያግደው ቀለም ነው። በክሬም ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው አይረን ኦክሳይድ ይባላል። ዝገት የሚቀላበት፣ አፈር ቀይና ቢጫ የሚሆንበት ነገር ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዓይነት አለው። ሦስቱ ሲቀላቀሉ የቆዳ ቀለም ይሰጣሉ። ቀለም ያለው ሰንስክሪን የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልምጣ፤ የምላችሁ ሁሉ እሷ ላይ በደንብ ስለሚታይ።

ኮምቦልቻ አስተማሪ ናት። ማድያቱ የጀመራት ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ነው። ይህ የተለመደ ነው፤ የእርግዝና ሆርሞን ዋና ቀስቃሽ ነው። የሆርሞን የወሊድ መቆጣጠሪያም በአንዳንዶች ላይ ያስነሳዋል። በቤተሰብም ይወረሳል፤ የእሷ እናት፣ አክስቴ፣ በወጣትነቷ ነበረባት። አንዳንዷ ከወለደች በኋላ በወራት ውስጥ ይለቃታል። እሷን ግን አልለቀቃትም።

ሚያዝያ ላይ ደሴ መጥታ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቱቦ ሰንስክሪን አሳየችኝ። ኤስፒኤፍ 50 ነው። «ይኸው እቀባለሁ፣ ምንም ለውጥ የለውም» አለችኝ። ቱቦው 50 ግራም ነው። መቼ እንደገዛችው ስጠይቃት መስከረም አለች። ገና አላለቀም ነበር።

እዚያው ቁጭ ብለን አሰላነው። ሰንስክሪን ሲለካ የሚቀባው በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ቆዳ 2 ሚሊ ግራም ነው። ፊትና አንገት አንድ ላይ ወደ 1.2 ግራም ይፈልጋሉ። ሁለት ጣት ላይ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ክሬሙን መስመር አድርጎ ማውጣት ማለት ነው። እሷ ሂጃብ ስለምትለብስ አንገቷ የተሸፈነ ነው። ለፊቷ ብቻ አንድ ጣት ተኩል፣ ወደ 0.8 ግራም ይበቃታል። በዚህ ልክ በቀን አንዴ ብትቀባ ቱቦው በሁለት ወር ማለቅ ነበረበት። ሰባት ወር ከቆየ የምትቀባው ከሚገባው ሲሶውን ነው። ክሬም ሲያንስ መከላከያውም አብሮ ይወርዳል። ግማሹን የተቀባ ሰው የተጻፈውን ቁጥር ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ነው የሚያገኘው። እሷ 50 ከፍላ የለበሰችው ምናልባት 15 ነው። ያ ደግሞ ቆዳዋ በተፈጥሮ ካላት ብዙ አይርቅም።

ለምን እንደምታሳንስ ጠየቅኳት። «ሲበዛ አመድ የተነፋብኝ ያስመስለኛል፤ ተማሪዎቹ ይስቃሉ» አለች። ትክክል ናት። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባሉት ነጭ ዱቄቶች ያሉበት ሰንስክሪን ጠይም ፊት ላይ አመድማ ሆኖ ይቀራል። ሰው ቢያሳንስ አይፈረድበትም። ጥፋቱ ለእኛ ቆዳ ታስቦ ካለመሠራቱ ነው። እናም ሁለት ነገር ተደራረበባት፦ መጠኑ አነሰ፣ ክሬሙም በቂ ቢቀባ እንኳ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ቀለም አልነበረበትም።

ቱቦውን አገላብጠን የይዘት ዝርዝሩን አየን። አይረን ኦክሳይድ የሚለው ስም ካልተጻፈ በቁጥር ይጻፋል፦ 77491፣ 77492፣ 77499። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ለማድያት የሚፈለገው ቀለም የለም ማለት ነው። የእሷ ላይ አልነበረም። እናንተም ክሬም ከመግዛታችሁ በፊት ኮስሞቲክስ ቤቱ በር ላይ ወጣ ብላችሁ ይህን ብቻ ብታዩ ብዙ ገንዘብ ታድናላችሁ። ኤስፒኤፍ 30 ሆኖ ቀለም ያለው፣ 50 ሆኖ ቀለም ከሌለው ለማድያት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። 30 በትክክል ከተቀባ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይይዛል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የቀለሙ ልዩነት ግን ትልቅ ነው። እ.አ.አ. በ2014 ሜክሲኮ ውስጥ በወጣ ጥናት ማድያት ያለባቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት እየተቀቡ፣ ግማሾቹ ተራ ሰንስክሪን፣ ግማሾቹ አይረን ኦክሳይድ ያለበት ተሰጣቸው። ከ8 ሳምንት በኋላ ቀለም ያለበትን የተቀቡት የተሻለ ለውጥ አሳዩ።

ችግሩ ገበያው ላይ ነው። ቀለም ያላቸው ሰንስክሪኖች ብዙዎቹ ለነጭ ቆዳ የተቀመሙ ናቸው። ጠይም ፊት ላይ ወደ ሮዝ ወይም ብርቱካን ይሄዳሉ። የሚስማማውን ለመለየት ሱቅ ውስጥ በመብራት እጅ ላይ መሞከር አይጠቅምም። መንጋጋ ላይ ትንሽ ቀብቶ ደጅ በቀን ብርሃን፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማየት ነው። ክሬሙ ሲደርቅ ቀለሙ ይቀየራል።

የሚስማማ ካልተገኘስ? ለአክስቴ ልጅ አልተገኘም። ያደረግነው ይህ ነው። የነበራትን ሰንስክሪን በሙሉ መጠኑ ትቀባለች። አንዴ ጭፍን አድርጎ ከመለጠፍ በሁለት ዙር መቀባት አመድማነቱን ይቀንሰዋል። ጥቂት ደቂቃ እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ከዚያ በላዩ ለጠይም ቆዳ የተሠራ፣ ከፊቷ ጋር የሚሄድ ፋውንዴሽን ማድያቱ ባለበት ቦታ ላይ ጠቅጠቅ አድርጋ ትቀባለች። ለጠቆረ ቆዳ የሚሠራ ፋውንዴሽን ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ ከአይረን ኦክሳይድ ነው። ሁለቱን መዳፍ ላይ መቀላቀል ግን አይመከርም። ሰንስክሪኑ ይቀጥናል፣ ወጥ ሆኖም አይለጠፍም። አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚሆነው።

ገንዘቡ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ደጅ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ደግሞ መቀባት አለበት ስለሚባል አንድ ቱቦ ወር አይሞላም። ለዚህ የማምንበት መንገድ ክሬሙን ማድያቱ ለሚወጣበት ቦታ ብቻ፣ ግን ሳይሳሱ መቀባት ነው፦ ሁለቱ ጉንጭ፣ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከከንፈር በላይ። ቀሪውን ሥራ ዣንጥላ ይሥራው።

ዣንጥላ ደግሞ ወሎ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ሽማግሌው ሁሉ ዣንጥላ ዘርግቶ ሲሄድ ያያል። ከተማ ስንገባ ነው የዝናብ ብቻ ያደረግነው። ጨርቁ ወፈር ያለና ጠቆር ያለ ይሁን። ወደ ሰማይ አንሥታችሁ ስታዩት የፀሐይዋ ክብ ጥርት ብሎ የሚታያችሁ ከሆነ ብርሃኑ እያለፈ ነው። ነጠላም እንዲሁ ነው። ስስ ነጠላ ፊት ላይ ጣል ማድረግ ለሙቀቱ ደስ ይላል እንጂ ብርሃኑን ብዙ አያስቀርም። አጥፎ ድርብ ማድረግ ይሻላል።

የደሴ ሰው በብርዱ ይታለላል። ከጦሳ ተራራ ሥር ጭጋጉ ሲወርድ ፀሐይ የለችም እንላለን። ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሰማዩ እኩል በጠራ ቀን ኮምቦልቻ እያላበን፣ ደሴ ሹራብ ለብሰን የምናገኘው ጨረር ግን የደሴው በ7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም። ከሰዓት አንጻር የከፋው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ነው። ሚያዝያ 11 እና ነሐሴ 18 ግድም ቀትር ላይ ፀሐይ ደሴ አናት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ጥላችን እግራችን ሥር ይገባል። በእነዚህ ወራት መጠንቀቅ ነው። ነሐሴ በደመና ምክንያት ይረሳል።

የመስኮት መስታወትም አይረሳ። መስታወት የሚያቀላውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል፤ የሚያጠቁረውን ጨረርና የሚታየውን ብርሃን ግን ያሳልፋል። የአክስቴ ልጅ ጠረጴዛዋ መምህራን ክፍል ውስጥ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ነበር። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዛወረችው። ምንም አላስከፈላትም።

አሁን ልቤን ወደሚያቃጥለው ልምጣ። ማድያት ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት «በሳምንት ያጠፋል» ተብሎ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚሸጥ ቅባት ሞክራለች። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ አንዳንዱ ሃይድሮኪኖን፣ አንዳንዱም ሜርኩሪ። መጀመሪያ ፊት ፍክት ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ቡግር ይፈላል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ያድጋል። ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ለብርሃን ይበልጥ ይጋለጣል፤ ማድያቱ ጠቁሮ ይመለሳል። ፊት ፈክቶ የጣት መገጣጠሚያና ጆሮ ጠቁሮ ሲቀር ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ወር የሚሰጥ ደኅና መድኃኒት ነው። ለዓመታት በራስ ፈቃድ ሲቀቡት ግን ራሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያመጣል፤ ያ ደግሞ ለመልቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ያለበትን የሚጠቀም ሰው ካለ በድንገት ከማቆም ቆዳ ሐኪም ቢያማክር ይሻላል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከጥንት ጀምሮ የቆዳ በሽታ ሲያክም የኖረ ነው።

አንድ ነገር ለይቼ ልናገር። ከላይ ስለ ካንሰር ያልኩት ሜላኒን ላለው ሰው ነው። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ካለ ነገሩ ፍጹም ይገለበጣል። ለእሱ ሰንስክሪን፣ እጅጌ ረጅም ልብስና ሰፊ ባርኔጣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ለእሱ የኤስፒኤፍ ቁጥሩም ትርጉም አለው።

የአክስቴ ልጅ ሚያዝያ ላይ በር አጠገብ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ በስልክ ፎቶ አነሣኋት። በየወሩ እዚያው ቦታ እንድትነሣ ተስማማን። መስታወት በየቀኑ ማየት ለውጡን አያሳይም። የላይኛው ቆዳ ራሱን ለማደስ ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ ማድያት ላይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ ሠራ አልሠራም ማለት አይቻልም። ሐምሌ ላይ ግንባሯ ከሚያዝያው ፎቶ ጋር ሲተያይ በግልጽ ፈክቷል። ጉንጮቿ ጠርዛቸው ደብዝዟል። ከከንፈሯ በላይ ያለው ግን አልተነቃነቀም። ስጠይቃት እዚያ ቦታ ላይ ፀጉሯን በክር እንደምታስነሣ ነገረችኝ። ክሩ ቆዳውን ይቆጣዋል፤ የተቆጣ ጠይም ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፤ ሰንስክሪን ያንን አይደርስበትም። ለጊዜው ክሩን ትታ በመቀስ እያሳጠረች ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያዋን በራሷ እንዳታቋርጥ፣ ሐኪሟን ሌላ አማራጭ እንድትጠይቅ ነግሬያታለሁ። በመስከረም ፎቶ ላይ ከንፈሯ ካልተለወጠ ቦሩ ሜዳ ሄዳ ቆዳ ሐኪም እንድታይ ቀጠሮ ይዘናል።